በዓለምነው ስም የተቆረጠ ትኬት

አሰገደች ስም በጆሮዋ አትቀበልም። ደብረ ማርቆስ ላይ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ ከጀመረች ወዲህ ይህ ሕጓ ለዘመድም ለባዕድም አንድ ነው። ሰው ገብቶ ወንበር ሳይስብ እጇን ትዘረጋና "ፓስፖርት" ትላለች።

"ስሜን ነገርሁሽ እኮ" የሚላት አይጠፋም።

"ነገሩኝ። አሁን ደግሞ ፓስፖርትዎ ይንገረኝ።"

ፓስፖርቱን ከኪቦርዱ አጠገብ ትዘረጋና ከታች ቀስት ቀስት የሚመስል ምልክት በተደረደረበት መስመር ላይ ማስመሪያ ታስቀምጣለች። ቦሌ ያለው ማሽን የሚያነበው ያንን መስመር ነው። እያንዳንዷን ፊደል በጣቷ እየነካች ትጽፋለች፤ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ፣ የራስና የአባት ስም ደግሞ አንድ ላይ በሌላው ቦታ። ስትጨርስ ስክሪኑን ወደ ደንበኛው አዙራ "ያንብቡት" ትላለች። ማንበብ የማይችል ከሆነ ከውጭ የሚያነብ ሰው ጠርታ ታስነብባለች። ከመናኸሪያው ማዶ አንደኛ ፎቅ ላይ ካለችው ጠባብ ቢሮ ስንት ሰው ሸኝታለች፤ አንድም ሰው በስም ምክንያት ከቦሌ ተመልሶባት አያውቅም። ይህን ራሷ አትናገርም፤ ባሏ ዓለምነው ግን ጠጅ ቤት ሲቀመጥ ሳይጠይቁት ያወራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የከዳት በገዛ ልጇ ትኬት ነው።

ልጇ ስንል የወለደቻት አይደለችም። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሔዋን የታናሽ እህቷ የዜማ ልጅ ናት። የሔዋን አባት ታዲዮስ ልጅቱ ሳትወለድ ሞተ። ዜማ ሔዋን የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች መጀመሪያ ቤሩት፣ ከዚያም ጣሊያን ሄደች፤ ቦሎኛ በምትባል ከተማ አንዲት አሮጊት እየተንከባከበች ትኖራለች። ልጅቱን አሰገደች ወሰደቻት። ልጅ ያልወለዱት አሰገደችና ዓለምነው ያሳደጓት እንደ ራሳቸው ስለሆነ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ በአሳዳጊዋ አባት ስም ተጠራች። ትምህርት ቤት የተመዘገበችው ሔዋን ዓለምነው አንሙት ተብላ ነው። ሰፈርተኛውም የዓለምነው ልጅ ይላታል። ታዲዮስ የሚባል ሰው መኖሩን የሚያስታውሱት ጥቂት ዘመዶች ብቻ ናቸው።

የጣሊያኑ ጉዳይ ሲጀመር ግን ወረቀት ወግ አያውቅም። እናቲቱ ልጄን ልውሰድ ብላ ስታመለክት የልደት ምስክር ወረቀቱ የወለደውን አባት ስም መያዝ ነበረበት። ፓስፖርቱ በዚያው ወጣ፤ ሔዋን ታዲዮስ ይታያል ተብሎ። ይታያል የታዲዮስ አባት ስም ነው። ቪዛውም ፓስፖርቱ ላይ በዚያው ስም ተለጠፈ። ለፓስፖርቱም ለቪዛውም ልጅቱን ይዞ አዲስ አበባ የተመላለሰው ዓለምነው ነበር። ሲመለስ በስሙ ነገር ምንም አላለም፤ እራቱን ግን ሳይጨርስ ተነሣ።

አሰገደችን የቆረቆራት ሌላ ነገር ነው። ልጅቱ አሰገደችን "እማዬ"፣ ዜማን "እቴ ዜማ" እያለች ነበር ያደገችው። ዜማ በየበዓሉ ትደውላለች፣ ጫማና ስልክ ትልካለች፣ ሔዋንም "እቴ ዜማ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ስልኩን ለእማዬ ትሰጣለች። ነገሩ የተስተካከለ ነበር። ቪዛው ከመጣ ወዲህ ግን ልጅቱ በየማታው ጓዳ ገብታ በስልኳ ቪዲዮ ትደውላለች። አንድ ማታ አሰገደች ሽሮ እያማሰለች ሳለ ከጓዳው "ማሚ!" የሚል ቃል ሰማች። ከዚያም ሳቅ። ማማሰያዋን ይዛ ቆመች። ሽሮው ገነፈለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዋ ሌላ ሥራ ትቶ ያንን ቃል መጠበቅ ያዘ። ማሚ የጣሊያንኛ ሰላምታ አስተማረችኝ፣ ማሚ ያንን ሹራብ ተይው አለችኝ፣ ማሚ ክፍሌን ሮዝ ቀለም አስቀብታልኛለች። ሹራቡን የገዛችላት አሰገደች ነበረች።

"ማን ጀመራት?" አለችው ለዓለምነው።

"ምኑን?"

"ማሚውን።"

"እናቷ አይደለች እንዴ?" አለ እሱ፤ ወዲያው ግን አፉን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ትኬቱን ዜማ እዚያው ሆና በኢንተርኔት ልትገዛ ነበር። አሰገደች ግን አሻፈረኝ አለች።

"የማርቆስን ሰው ሁሉ እኔ እየቆረጥሁለት፣ የገዛ ልጄን ትኬት ሌላ ሰው ሊቆርጥ ነው?"

"እታለም፣ እንዳይከብድሽ ብዬ ነው" አለች ዜማ።

"ምኑ ነው የሚከብደኝ? ከፈለግሽ ዋጋውን ላኪ፤ ቆራጯ እኔ ነኝ።"

ስልኩን እንደዘጋች እልኋ ሳይበርድ ተቀመጠች። በረራው የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት፣ ከአዲስ አበባ ሚላን ነበር። ለፍቺው በግ ተገዝቶ ጓሮ ታስሯል፤ ጎረቤትና ዘመድ ተጠርቶ ልጅቱ ከተሸኘች በኋላ ትሄዳለች። አሰገደች የበረራ ቁጥሩን አየች፣ ወንበሩን ያዘች፣ ስም የሚሞላበት ላይ ስትደርስ እጇ ወደ ማንም አልተዘረጋም። የልጇን ስም ፓስፖርት ሊነግራት ነው? ለትምህርት ቤት፣ ለክትባት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ የጻፈችውን ስም ጻፈች፤ በቤተሰብ ስም ቦታ አንሙት፣ በስም ቦታ ሔዋን ዓለምነው። ትኬቱን እንዲያወጡላት አዲስ አበባ ላለው ዋና ቢሮ አስተላለፈች፤ ወጥቶ ሲመጣም ሳታነበው ለሔዋን በቴሌግራም ላከችላት።

በማግስቱ የፓስፖርት ቁጥሩንና የልደት ቀኑን ለማስገባት ፓስፖርቱን ከሔዋን ተቀብላ መጣች። ማስመሪያዋን አስቀመጠች። ፓስፖርቱ ይታያል ይላል። ስክሪኑ አንሙት ይላል።

ፊደሎቹን በጣቷ ደግማ ነካች። ለስንት ሰው ያስተማረችውን ለራሷ አስታወሰች። ትኬት በተቆረጠበት ቀን ከሆነ ዋና ቢሮው ቮይድ ያደርገዋል፤ እንዳልተቆረጠ ይቆጠራል። ያ ቀን ትናንት አለፈ። አሁን መደወልና መፍትሔ መፈለግ ነበረባት። ስልኩን አንሥታ የመቅዲን ቁጥር አወጣች፤ መቅዲ በዋናው ቢሮ የትኬት ሠራተኛ ናት።

ከመደወሏ በፊት ግን ስክሪኑን ደግማ አየችው። ሔዋን ዓለምነው አንሙት። ልጅቱን ሲያማት አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት ይህ ስም ነው። ቪዛው፣ ፓስፖርቱ፣ ፎርሙ ሁሉ የዜማን ወገን ሲጽፍ፣ አንዲት ትኬት ብቻ እውነቱን ጽፋለች። እንዲህ ሆኖ ከሄደ ቦሌ ላይ ፓስፖርቱና ትኬቱ አይገጥሙም፤ "የኔ እናት፣ ይህ ትኬት ያንቺ አይደለም" ይሏታል። የነሐሴ ወንበር ደግሞ እስከዚያ ያልቃል፤ ለዕረፍት የመጣው ሁሉ የሚመለስበት ወር ነው። የቪዛው ጊዜም ከወሩ አያልፍም። ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ማርቆስ ትመለሳለች። ሮዝ ቀለም የተቀባው ክፍል ባዶውን ይቀመጣል።

ስልኩን አስቀመጠችው። ነገ እደውላለሁ አለች። በነጋታውም ነገ አለች። ማታ ማታ ከጓዳው ሳቅ በተሰማ ቁጥር ያ ትኬት በሆዷ ውስጥ እንደ ፍም ይሞቃት ነበር። ይሳቁ፤ እስቲ ይሳቁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ወደ ቢሮዋ ወጡ። ናይሮቢ ላለች ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት ተጠርተው ትኬታቸውን አዲስ አበባ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ በስልክ ስማቸውን ተናግሮ አስቆርጦላቸዋል። ሔዋን ያን ቀን ከአሰገደች ጋር ነበረች፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች።

"ወይዘሮ አሰገደች፣ እስቲ ይህን እዪልኝ። ትኬቱን ያነበበልኝ ዲያቆን አንዲት ፊደል ተለይታለች ብሎ እንቅልፍ ነሣኝ።"

አሰገደች ፓስፖርቱንና ትኬቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች። "እውነቱን ነው። ፓስፖርቱ ላይ ቅዱስ የሚለው በእንግሊዝኛው ኬ ነው፣ ትኬቱ ላይ በኪው ተጽፏል።"

"በግዕዝ ብንጽፈው ይህ ሁሉ ባልመጣ። ታዲያ ቀረሁ?"

"አይቀሩም። የአንዲት ሁለት ፊደል ስሕተት ሲሆን ሰውየው ያው ነው። ግን እኔ አላርመውም፤ የቆረጠልዎት ቢሮ ነው የሚያርመው። የፓስፖርቱን ፎቶ ልከውላቸው እነሱ ለአየር መንገዱ ጽፈው ያስተካክሉታል። ዛሬውኑ ይደውሉ፤ የመሄጃዎን ቀን አይጠብቁ። ቦሌ መመዝገቢያው ፊት ቆሞ የሚያርምልዎት አያገኙም።"

"ምን ያህል ፊደል ድረስ ይታገሣሉ?"

"እንደ አየር መንገዱ ነው። እስከ ሦስት ይሆናል።"

"የአባት ስም ሙሉ በሙሉ ከተለወጠስ፣ እማዬ?"

የጠየቀችው ሔዋን ናት። ከስልኳ ቀና አላለችም። አሰገደች የመሪጌታን ፓስፖርት እንደያዘች ቀረች።

"ያ ሌላ ሰው ነው" አሉ መሪጌታ በእሷ ፈንታ፣ ሕጉ ገብቷቸው። "አይደለም እንዴ?"

"ነው" አለች አሰገደች። "ትኬት ለሌላ ሰው አይተላለፍም።"

መሪጌታ መርቀዋት፣ ደረጃውን በጃንጥላቸው እያንኳኩ ወረዱ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።

"መቼ አየሽው?" አለች አሰገደች።

"የላክሽልኝ ዕለት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንቺ ስም ተሳስተሽ አታውቂም። አውቀሽ ያደረግሽው መሰለኝ።"

"አውቄ ቢሆንስ? ዝም ብለሽ ቦሌ ደርሰሽ ልትመለሺ?"

"እኔንጃ። ለማሚ ብነግራት አንቺን ትቀየማለች። አንቺን ብጠይቅሽ ደግሞ አዎ ብትዪኝስ?"

"ማሚ አትበይብኝ።"

ቃሉ አምልጧት ወጣ። ሔዋን አሁን ቀና አለች።

"ታዲያ ምን ልበላት? እቴ አትበይኝ አለች፣ አለቀሰች። እማዬ እንዳልላት እማዬ አንቺ ነሽ። የቀረኝ ቃል እሱ ነበር።"

አሰገደች ማስመሪያዋን አንሥታ እንደገና አስቀመጠችው። ያ ሁሉ ማታ ከሽሮው አጠገብ ቆማ ስትቆጥረው የከረመችው ቃል ከትርፍራፊ የተሰጠ መሆኑን አሁን ነው ያወቀችው። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

"አልተሳሳትሁም እንዳልል ተሳስቻለሁ" አለች በመጨረሻ። "ስጽፈው አላወቅሁም። በማግስቱ ግን አውቄአለሁ። መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

"እፈልጋለሁ።"

አላመነታችም። ይኸኛው መልስ ደግሞ እንደ መርፌ ወጋት። ቢሆንም ስልኩን አነሣች።

"እትዬ አሰጉ" አለች መቅዲ ከወዲያ ማዶ፤ "ይህ እርማት አይባልም። የአባትም የአያትም ስም ተቀይሯል፤ የቤተሰብ ስሙ ጭራሽ ሌላ ነው። አየር መንገዱ ሰው ቀየራችሁ ነው የሚለን። በቆረጥንበት ቀን ደውለሽልኝ ቢሆን ቮይድ አድርጌው ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔን ነው የገረመኝ። ፓስፖርቱን ሳታዪ ጻፍሽው?"

"መቅዲ፣ መፍትሔውን ንገሪኝ።"

"አዲስ ትኬት በትክክለኛው ስም፣ አሮጌው ተመላሽ። ከቅጣቱ የተረፈው ይመለሳል፤ ያውም ከበረራው በፊት ከተሰረዘ ነው።"

"መጀመሪያ አዲሱን እንያዝ። አሮጌውን አትንኪብኝ፤ ወንበር አጥተን ሁለቱንም እንዳናጣ።"

መቅዲ ስትጽፍ የኪቦርዷ ድምፅ በስልኩ ይሰማል። ያ በረራ ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ያሉትም ቪዛው እስኪያልቅ ድረስ ሙሉ ናቸው። "አንድ ወንበር አለ፤ ግን ቀደም ይላል። ጾሙ ሳይፈታ፣ ኀሙስ።"

ኀሙስ ማለት ከነገ ወዲያ ነው። አሰገደች ጓሮ የታሰረውን በግ አሰበች፤ የተጠሩትን ሰዎች አሰበች። በማግስቱ ደውላ ቢሆን ኖሮ ከጾሙ ፍቺ በኋላ ወንበር ይገኝ ነበር። በቅናት ያቆየቻቸው ቀናት ከሔዋን ጋር ከቀሯት ቀናት ላይ ተቀንሰው ወጡ።

"ያዢው" አለች። "ቅጣቱም የዋጋው ልዩነትም በእኔ ነው፤ እህቴን አትጠይቂ። ስሙን አሁን እልክልሻለሁ።"

ለሔዋን ፓስፖርቱን ሰጠቻት። "አንብቢልኝ። ከታችኛው መስመር፣ ፊደል በፊደል።"

ሔዋን እያነበበች አሰገደች ጻፈች። ይታያል የሚለውን በቤተሰብ ስም ቦታ፣ ሔዋን ታዲዮስ የሚለውን በስም ቦታ። ከዚያ ስክሪኑን እንደማንኛውም ደንበኛ አዙራላት "አንብቢው" አለቻት። ልጅቱ አነበበች። ትኬቱ ሲደርስ ሁለቱም አንድ በአንድ ከፓስፖርቱና ከቪዛው ጋር አመሳከሩት፤ አሮጌው የተሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ለዜማ መንገር ብቻ ቀረ። ማታ አሰገደች ራሷ ደወለች፣ በጓዳው ሳይሆን በሳሎኑ፣ ዓለምነው እየሰማ።

"ኀሙስ ትመጣለች። ቀኑ ተቀይሯል።"

"ምነው እታለም? ምን ሆነ?"

"ስሟን ተሳስቼ ነው።"

"አንቺ?"

"እኔ።"

"የማንን ስም ጻፍሽ?"

አሰገደች ባሏን አየችው። እሱ ጋቢውን እያስተካከለ ነበር። "የዓለምነውን።"

የዜማ ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ።

"መቼ አወቅሽ?"

"በማግስቱ።"

"እስከ ዛሬ ያዝሽው?"

"ያዝሁት። ማሚ ስትልሽ እሰማ ነበር።"

"እኔስ?" አለች ዜማ። "ያቺ ልጅ አፏን ከፈታች ጀምሮ በስልክ እማዬ፣ እማዬ ስትልሽ እየሰማሁ እኖር የለም? ጥርሷ ሲወልቅ እማዬ፣ ስትታመም እማዬ። የላክሁትን ጫማ እንኳ አንቺን ነበር የምታስፈቅደው። አንቺ ይህን ክረምት ብቻ ሰምተሽ ትኬት ያዝሽ። እኔ ምን ልያዝ?"

ሔዋን ከበሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር።

"ነውር ነው የሠራሁት" አለች አሰገደች።

"ነው" አለች ዜማ። ቀጥላም፣ "ሹራብ አልብሻት፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ማታ ይበርዳል።"

"ማሚ ተይው አለችኝ ብላ ትታዋለች።"

"የትኛውን?"

"እኔ የገዛሁላትን።"

"እሱን ራሱን አልብሻት።"

ኀሙስ ጠዋት መናኸሪያው ጭቃ ነበር። በበግ ፈንታ የተጠበሰ ሽምብራና በሶ ተቋጠረ። ዓለምነው ሻንጣውን መኪናው ላይ አሳስሮ ሲወርድ ልጅቱ ጉልበቱን ልትስም አጎነበሰች፤ እሱ ግን ቀድሞ በትከሻዋ ያዛትና ቀና አደረጋት።

"ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚል አትጨነቂ" አላት። "እኔ የቀረብኝ ነገር የለም።"

አሰገደች እስከ አዲስ አበባ አልሄደችም፤ ቢሮው ሰው ይጠብቃታል። ከመኪናው መስኮት ሥር ቆማ ልጅቱን የምታዘው እንደ ሠራተኛ ነበር። ፓስፖርትሽን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። ትኬቱን አትመሽዋል፣ ስልክሽ ቢዘጋ እሱን አሳዪ። ስምሽን ሲጠይቁሽ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ንገሪ፣ የሰፈሩን አይደለም። ሔዋን በመስኮቱ እሽ እሽ ስትል ቆየችና፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፈነች።

ማታ አሰገደች ስልኩን እግሯ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ደወለ።

"እማዬ፣ አለፍሁ።"

"ምን አሉሽ?"

"ምንም። ልጅቷ ፓስፖርቱን ማሽኑ ላይ አሳለፈችው፣ ወዲያው ወረቀቱ ወጣ። ወይዘሪት ይታያል አለችኝ፤ ማንን እንደምትጠራ ዞሬ አየሁ።"

አሰገደች ሳቀች። "አያትሽን ነው የጠራችው።"

"ታዲያ አላውቀውማ።"

"ደግ ሰው ነበር። ለእናትሽ ደወልሽላት?"

"ገና ነኝ።"

"እንግዲያው አሁን ደውይላት፤ ሐሳብ ላይ ትሆናለች።"

ስልኩ ተዘጋ። ዓለምነው ከወዲያ "እህ?" አለ።

"አለፈች" አለችው። ከዚያም ሳትጠየቅ፣ ሳቅ የመጣበትን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ "ቀድማ የደወለችው ለእኔ ነው" አለች።